ሳል ወይስ ጥጋብ? በየትምህርቱ መጀመሪያ የምለጥፈው የቃላት መዝገብ

ጅማ የመጣሁት ለሥራ ነው። መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው። ከተማው ውስጥ ለመኖር አማርኛ ይበቃል። ባጃጅም፣ ሻይ ቤትም፣ የቤት ኪራይም በአማርኛ ያልቃል። ሐሙስ ሲመጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። ሐሙስ የገበያ ቀን ነው። ከሰቃ፣ ከዴዶ፣ ከማና፣ ከቀርሳ ሰው ይገባል። ማሩን፣ ቅቤውን፣ ቡናውን ሸጦ ወደ ቤቱ ከመመለሱ በፊት እኛ ጋ ጎራ ይላል። ያኔ አፋን ኦሮሞ የማይችል ባለሙያ ከመደርደሪያው ብዙም አይሻልም። የሥራ ባልደረባዬ እያስተረጎመችልኝ ሁለት ወር ቆየሁ። እሷ ምሳ ስትወጣ እኔም ከደንበኛው ጋር ዓይን ለዓይን እየተያየሁ ዝም።

በኋላ አስተማሪ ያዝኩ። አጋሮ የሚኖሩ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። እኔ «ባርሲሳ» እላቸዋለሁ፤ መምህር ማለት ነው። ማክሰኞና ዓርብ ማታ በቴሌግራም እየተደዋወልን 45 ደቂቃ እንማራለን። ሰውየው ጎበዝ ናቸው፤ ግን ተማሪያቸው እኔ ብቻ አይደለሁም። በተደወለ ቁጥር «ባለፈው የት ነበር ያቆምነው ልጄ?» ይሉኛል። እኔም በደንብ አላስታውስም። እሳቸው አሥር ደቂቃ ሙሉ የማውቀውን ነገር እንደገና ያስተምሩኛል፤ ያቃተኝ ነገር ሳይነሳ ይቀራል።

ስለዚህ መዝገብ ጀመርኩ። በስልኬ ማስታወሻ ላይ ቃል እጽፋለሁ። ትምህርቱ ሊጀምር ሲል ኮፒ አድርጌ ቴሌግራሙ ላይ እለጥፋለሁ። እሳቸው አንብበው ከዚያ ይነሳሉ። ሐሳቡ ይኸው ነው፤ ቀላል ይመስላል። እኔ ግን ደህና አድርጌ የሠራሁት ሦስት ጊዜ ካበላሸሁት በኋላ ነው። የምጽፈውም ለዚያ ነው።

መጀመሪያ ያበላሸሁት ፊደሉን ነው። መዝገቡን በአማርኛ ፊደል ነበር የምጽፈው። ለእጄ ይቀለኛል። ጥቅምት 13፣ ሐሙስ፣ አንዲት እናት ልጅ አዝላ መጣች። ትኩሳት እንዳለው በምልክት ነገረችኝ። ሳል እንዳለው ልጠይቅ ፈለግኩ። መዝገቤ ላይ «ቁፋ - ሳል» የሚል አለ። ኮራ ብዬ «ሙጫን ኒ ቁፋ?» አልኳት። እሷም ፈገግ ብላ «ኤዬ፣ አነን ዱጌረ» አለችኝ። አዎ፣ ወተት ጠጥቷል። ግራ ገባኝ። በዚህ መሃል ልጁ ጀርባዋ ላይ ሆኖ ሲስል ሰማሁት።

ማታ ቢቸግረኝ ባርሲሳ ጋ ደወልኩ። ስቀው ሲያበቁ አስረዱኝ። እኔ ያልኩት «ልጁ ይጠግባል ወይ?» ነው። ሁለቱ ቃላት የሚለያዩት ኡ የምትለዋ ድምፅ በመርዘሟና በማጠሯ ነው። በሳሉ ግስ ውስጥ ደግሞ ጉሮሮ ላይ ቆረጥ የምታደርግ ድምፅ አለች። በአማርኛ ፊደል ስጽፈው ሦስቱም አንድ ይሆናሉ። አፋን ኦሮሞ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ በቁቤ፣ ሲጻፉ ግን እንዲህ ናቸው፦

```
qufaa    ሳል
qufa'a   ያስለዋል
quufa    ይጠግባል
```

ቁቤ አናባቢው ሲረዝም ፊደሉን ይደግመዋል። ተነባቢው ሲጠብቅም ይደግመዋል። የእኛ ፊደል ማጥበቂያ የለውም። «ገና» ስንጽፍ በዓሉም ሆነ «ገና አልመጣም» የምንለው አንድ ዓይነት ነው። እኛ አፋችንን የፈታነው በአማርኛ ስለሆነ ከአገባቡ እናውቀዋለን። ለማጥበቅ ጆሯችን የሠለጠነ ነው። አናባቢ ማርዘም ግን አማርኛ ውስጥ ትርጉም አይለውጥም። ስለዚህ ጆሯችን ጭራሽ አይሰማውም። መዝገቤ ደግሞ ጆሮዬ ያልሰማውን አለመስማቴን በጽሑፍ ያጸድቅልኝ ነበር። ባርሲሳም «ቁፋ» የሚለውን ሲያዩ የትኛውን ማለቴ እንደሆነ የሚያውቁበት መንገድ አልነበራቸውም። መዝገብ በየትምህርቱ የምትለጥፍለት ሰው ካለህ፣ ቃሉን ቋንቋው በሚጻፍበት ፊደል ጻፈው። ቁቤውን ለመልመድ የሄደብኝ አንድ ሳምንት ነው። ከባዶቹ ድምፃቸው ከእንግሊዝኛው የሚለየው x፣ c እና q ናቸው፤ እነሱም ጠ፣ ጨ እና ቀ ሆነው ይነበባሉ።

ያን ሌሊት መዝገቡን ከነአካቴው እንደገና ጻፍኩት። ከቃሉና ከትርጉሙ ሌላ ሦስት ነገር ጨመርኩ። አንደኛው ቃሉን የሰማሁበት አጭር ዓረፍተ ነገር ነው። ሁለተኛው ምልክት ነው፤ «ሰ» ስሰማው ገብቶኛል፣ «ተ» ማንም ሳያስታውሰኝ ራሴ ተናግሬዋለሁ። ሦስተኛው ስህተቱ ራሱ ነው፤ ምን ልል ፈልጌ ምን አልኩ? አንድ መስመር ይህን ይመስላል፦

```
13/02 | qufa'a | ያስለዋል | Mucaan ni qufa'a | ሰ1 ተ0 | quufa አልኩ
```

ከሁሉም የጠቀመኝ የመጨረሻዋ ክፍል ናት። ባርሲሳ ስህተቷን ሲያዩ ቃሉን አያስተምሩኝም፤ አጭሯንና ረጅሟን ኡ እያፈራረቁ ያሰሙኛል። ቃሉ ብቻ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ትርጉሙን ነበር የሚነግሩኝ። ትርጉሙን ደግሞ አውቀዋለሁ።

ሁለተኛው ጥፋት ርዝመት ነው። በጥቅምት መጨረሻ መዝገቡ ከመቶ መስመር አለፈ። እኔ ሁሉንም እለጥፋለሁ። ቴሌግራም አንድ መልእክት ላይ 4096 ፊደልና ምልክት ብቻ ነው የሚይዘው፤ ከዚያ ካለፈ ይቆርጠውና በሁለት ይልከዋል። አንድ ማክሰኞ የእኔ በሁለት ሄደ። ባርሲሳ የመጀመሪያውን አዩ፤ ከሥር ያለው ላይ ሌላ ተማሪያቸው የላከው ነገር ሲገባ ትተውት ወደዚያ ሄዱ። ደግሞስ መቶ መስመር ማን ያነባል? ሰውየው ከላይ ያሉትን አሥር ቃላት ይጠይቁኛል። እነሱ ደግሞ መጀመሪያ የተማርኳቸው፣ በእንቅልፌም የማልስታቸው ናቸው። ሦስት ትምህርት ሙሉ ውሃና ዳቦ ስል ከረምኩ።

አሁን መዝገቡ ሁለት ነው። ትልቁ ስልኬ ውስጥ ይቀራል። የምለጥፈው ከእሱ የወጣ 18 መስመር ብቻ ነው። አደራደሩን ትንሽ ቆይቼ አሳያለሁ።

ሦስተኛውን ጥፋት ለማወቅ ግን ጊዜ ወሰደብኝ፤ ምክንያቱም ጥፋት አይመስልም ነበር። ያችኑ ቃል እንከተላት። ዓርብ ጥቅምት 14 ባርሲሳ አሥር ጊዜ ያህል አስደገሙኝ። ማክሰኞ 18 «ልጁ ያስለዋል በል እስቲ» ሲሉኝ አልኩ፤ ልክ ነው። ዓርብ 21 ጠየቁኝ፤ ልክ ነው። ማክሰኞ 25 እንደገና ልክ። ተ3 አደረግኩና ዘጋኋት። ደንቤ ሦስት የተለያዩ ቀናት ላይ ያለ እርዳታ ከተናገርኩት ይዘጋል የሚል ነው። ደስ ብሎኝ ነበር። ሐሙስ 27 አንድ አባት ልጃቸውን ይዘው መጡ። አፌን ከፈትኩ። ወጣ፤ ያው ረጅሙ። ልጅዎ ይጠግባል ወይ?

በጣም ተናደድኩ። ሦስት ጊዜ ልክ ብዬ እንዴት? ቁጭ ብዬ ሳስበው ነገሩ ግልጽ ሆነ። ትምህርቱ የሚጀምረው መዝገቡን ስለጥፍ ነው። ስለጥፈው ደግሞ አነበዋለሁ። ከሁለት ደቂቃ በኋላ ባርሲሳ ያነበብኩትን ይጠይቁኛል። ይህ ማወቅ አይደለም፤ ከጥያቄው በፊት መልሱን ማየት ነው። የመድኃኒት ቤቱ ባንኮኒ ላይ ደግሞ ማንም አስቀድሞ መልስ አያሳየኝም። መዝገቡ እድገቴን ሊለካልኝ ተሠርቶ፣ መለጠፉ ራሱ ልኬቱን አዛባው።

ሁለት ነገር ቀየርን። የምለጥፈውን 18 መስመር ከትምህርቱ በፊት ባለው ምሽት አዘጋጅቼ አስቀምጣለሁ። በሰዓቱ ሳላነብ እለጥፋለሁ። እሳቸው ያነባሉ፤ እኔ ስልኩን በድምፅ ማጉያ አድርጌ ፊቱን ወደ ጠረጴዛው እደፋዋለሁ። ቀጥሎ ባርሲሳ ቃላቱን አይጠይቁኝም። የመጀመሪያዎቹን ሃያ ደቂቃዎች ዝም ብለን እናወራለን። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ቡና ዋጋ፣ ስለ ልጅ ልጆቻቸው። ወሬውን እሳቸው ቃሉ ወደሚያስፈልግበት ቦታ ይመሩታል። «ትናንት የልጅ ልጄ ሌሊቱን ሙሉ አላስተኛንም» ይሉና ይጠብቃሉ። እኔ ምን ሆኖ ነው፣ ያስለዋል ወይ ብዬ መጠየቅ አለብኝ። ካልኩ «ተ» አለኝ። ከእሳቸው አፍ ሰምቼ ከደገምኩት የለኝም። እዚህ ላይ ትንሽ ተጨቃጭቀናል። ባርሲሳ ለጋስ ናቸው፤ «ብለሽዋል እኮ፣ ስጪው» ይሉኛል። አልሰጠሁም። የራሴን መዝገብ ማታለል ምን ይጠቅመኛል?

ያቺ ቃል ወደ ተ0 ተመለሰች። ሁለተኛ የተዘጋችው በኅዳር መጨረሻ ነው። ከሦስቱ «ተ» አንዱ የግድ ከትምህርቱ ውጭ፣ ከእውነተኛ ሰው ጋር የተገኘ መሆን አለበት የሚለውን ደንብ ያወጣሁትም ያኔ ነው።

ሌላ አንድ ወጥመድ አለ፤ ግስ የሚማር ሰው ሁሉ ይገባበታል። «መግዛት» የሚለውን ቃል ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ አውቀው ነበር። መዝገቤ ላይ ተዘግቷል። አንድ ቀን ሁለት ሴቶች መጥተው አንድ ሽሮፕ እያሳዩ «ከሌሳ ቢኔ» አሉኝ። ትናንት የሚለው ገባኝ፤ ቢኔ ምን እንደሆነ አላወቅኩም። እጄን ወደ ባልደረባዬ ዘረጋሁ። «ትናንት ገዛነው ነው የሚሉሽ» አለችኝ። እኔ የማውቀው ሥሩን ነው። አፋን ኦሮሞ ውስጥ ግን የግሱ መጨረሻ ከሚቀጥለው ድምፅ ጋር ሲገናኝ ይዋጣል፦

```
bituu   መግዛት
bite    ገዛ
bitte   ገዛች
binne   ገዛን
```

የመጨረሻው ላይ ቲዋ የለችም፤ ን ውጧታል። ለጆሮ ሌላ ቃል ነው። ስለዚህ አሁን ግስ ስመዘግብ ሥሩን ብቻ አልጽፍም። «እሱ»፣ «እሷ» እና «እኛ» ሲሆን ያለውን ቅርጽ እጽፋለሁ። «ሰ» የምሰጠውም ለየቅርጹ ለብቻ ነው። ሥሩን መመዝገብ መዝገቡን አጭርና የተማረ ያስመስለዋል፤ ሰው ግን በሥር አያወራም።

አሁን የምለጥፈው ምን ይመስላል? ከላይ፣ ከ18ቱ ውጭ፣ አንድ መስመር፣ ባለፈው ምን እንደሠራን። ከዚያ እምቢ ያሉኝ ስምንት። አዲስ አምስት። በመጨረሻ ከተዘጉት ውስጥ የወጡ አምስት። ከኅዳር መጀመሪያ የአንዱን ቀን አሳጥሬ ላሳያችሁ፦

```
ባለፈው፦ ዓርብ 28/02፣ መድኃኒት አወሳሰድ
እምቢ ያሉኝ
qufa'a | ያስለዋል | Mucaan ni qufa'a | quufa አልኩ
binne | ገዛን | Kaleessa binne | ስሰማው አልገባኝም
አዲስ
liqimsuu | መዋጥ
የተዘጉ
soogidda | ጨው
```

እምቢ ካሉኝ ላይ ከስምንት አላሳልፍም። በ45 ደቂቃ ወሬ ውስጥ ከዚያ በላይ ማስገባት እንደማይቻል ባርሲሳ ነግረውኛል፤ ሞክረንም አይተነዋል። ዘጠነኛው ካለ ተራ ይጠብቅ።

ስለ መጨረሻዎቹ አምስት ትንሽ ልቆይ፤ እድገቴን የምለካው በእነሱ ስለሆነ ነው። በፊት የምቆጥረው የመዝገቡን ርዝመት ነበር። «ባርሲሳ፣ ሁለት መቶ ደረስኩ!» ስላቸው «ስንቱ ቤት ውስጥ አለ?» አሉኝ። ጥያቄው ቆነጠጠኝ። አሁን ትልቁ መዝገብ ላይ ያለው ቃል ሁሉ ተራ ቁጥር አለው። ትምህርቱ የሚውለው 25 ቀን ከሆነ፣ ቁጥራቸው በ5 ከሚያልቅ የተዘጉ ቃላት አምስት አወጣለሁ። እኔ እንዳልመርጥ ነው። ሰው ራሱ ሲመርጥ የሚያውቀውን ይመርጣል። ከአምስቱ ስንቱ እንደቀሩልኝ ቀኑ ሥር እጽፋለሁ። የጠፋው ተከፍቶ «እምቢ ያሉኝ» ውስጥ ይገባል።

የአንድ ቀን አምስት ምንም አይነግርም። አንዴ አምስቱንም ሳትኩ፤ የዚያን ቀን ግን ሥራ ላይ ቆሜ ውዬ ደክሞኝ ነበር። አራት ትምህርት አብሬ ነው የማየው፤ ሃያ ቃል ማለት ነው። በኅዳር መጀመሪያ ከሃያው የቀረልኝ ዘጠኝ ነበር። ዘግቻቸዋለሁ ካልኳቸው ቃላት ከግማሽ በላዩ ጠፍቷል ማለት ነው። ያኔ አዲስ ቃል ማስገባቱን ለሁለት ሳምንት አቆምን። በጥር ወር የቀረልኝ አሥራ ስድስት ደረሰ። የመዝገቡ ርዝመት በዚያ ጊዜ ውስጥ ብዙም አልጨመረም። ርዝመቱን ብቻ ባይ ኖሮ ሁለት ወር ሙሉ ቆሜ የቀረሁ ይመስለኝ ነበር።

ባርሲሳ ለአንድ ወር ለቤተሰብ ጉዳይ ሲሄዱ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ተክታቸው ነበር። ከመዝገቡ ጋር አላስተዋወቅኳትም፣ ምንም አላስረዳኋትም። 18ቱን መስመር ለጠፍኩላት። አንብባ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ረጅሟንና አጭሯን ድምፅ እያፈራረቀች ታሰማኝ ጀመር። ስህተቴን የምጽፍባት ክፍል ነግራታለች።

መዝገቡ የማያሳየው ነገርም አለ። ቃሉን ስናገር ምን ያህል እንደምንተባተብ አይናገርም። «ተ» ያገኘው ቃል አንዳንዴ አሥር ሰከንድ ፈጅቶ የወጣ ነው። ለዚህ በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ የአንድ ደቂቃ የድምፅ መልእክት ለራሴ እልካለሁ፤ ርዕሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፣ «ዛሬ ምን ሠራሁ»። የጥቅምቱን ሳዳምጠው ከንግግሩ ዝምታው ይበዛል። ሌላው ጥንቃቄ የሥራዬ ነው። ዓረፍተ ነገሮቹ ከሰው የሰማኋቸው ናቸው። የማንንም ስም፣ መንደር ወይም የያዘውን ሕመም መዝገቡ ላይ አላሰፍርም። ቃሉን እወስዳለሁ፤ ሰውየውን እተዋለሁ።

ዛሬ ማክሰኞ ነው። የማታው መለጠፊያ ከትናንት ጀምሮ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። ሳሉ የለበትም። ከላይ የተቀመጠው ሐሙስ ዕለት ያገኘሁት ነው። አንድ ሽማግሌ መድኃኒት የሚገዙት ለአማታቸው እንደሆነ ሊነግሩኝ «ሶዳ» አሉኝ። ዳዋ ትጠብቃለች። እኔ የሰማሁት ላልቶ ነው። ላልቶ ሲነገር ፍርሃት ማለት ነው። አዝኜላቸው፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ማል ሶዳቱ?» አልኳቸው፤ ምን ያስፈራዎታል? ትንሽ አሰብ አደረጉና አሁንም «ሶዳ» አሉኝ። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ።

```
soddaa | አማት፣ አማች | ሰ0 ተ0 | sodaa ብዬ ሰማሁ
```